ፋኑ የሚጮኸው ለምንድን ነው? የኮንሶል ሙቀት የሚታፈንባቸው ሦስት ቦታዎች

አዲስ ሳለ ድምፁ አይሰማም ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ጨዋታው ገና ከመከፈቱ ፋኑ መጮህ ይጀምራል። የቴሌቪዥኑ ድምፅ ይጨመራል፣ ፋኑም ይብስበታል። ቀጥሎ ስክሪኑ ላይ ማሽኑ በጣም መሞቁን የሚናገር ማስጠንቀቂያ ይመጣል። እሱም ካልተሰማ ኮንሶሉ በጨዋታው መሃል ድርግም ብሎ ይጠፋል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ጥፋቱን ፋኑ ላይ ይጥላል። አዲስ ፋን ገዝቶ ያስቀይራል። ጩኸቱ ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም። ፋኑ በራሱ ፈቃድ አይፈጥንም፤ ፍጥነቱን የሚወስነው በዋናው ቺፕ ላይ የሚነበበው ሙቀት ነው። ቺፑ ሲግል ፋኑ ይፈጥናል፣ ሲበርድ ይረጋጋል። ስለዚህ የሚጮኽ ፋን ብዙውን ጊዜ ደህና ፋን ነው። መጠየቅ ያለበት ሙቀቱ ከቺፑ ተነስቶ ወደ ክፍሉ አየር ሲሄድ የት ላይ እንደታፈነ ነው።

የመጀመሪያውን ፕሌይስቴሽን 4 ምሳሌ አድርገን እንየው። በ2013 የወጣው፣ የሞዴል ቁጥሩ CUH-1 ብሎ የሚጀምረው ማለቴ ነው። ዕድሜው ገፍቷል፣ አሁንም በየቤቱ ይሠራል፣ ጩኸቱም የታወቀ ነው። አሠራሩ ከገባን ሌሎቹን ለመረዳት አይከብድም።

ከባድ ጨዋታ ሲጫወቱበት ይህ ማሽን 140 ዋት ገደማ ኤሌክትሪክ ይወስዳል። ከሶኬት የገባው ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ሁሉም መጨረሻው ሙቀት ነው። ሙቀቱ የሚሄድበት መንገድ ደግሞ አንድ ነው። መጀመሪያ ከቺፑ ወደ ሂትሲንኩ፣ ማለትም ሙቀቱን ተቀብሎ ወደሚያሰራጨው ብረት፣ ያልፋል። በሁለቱ መሃል ቺፑንና ብረቱን የሚያገናኝ ስስ የተርማል ፔስት ሽፋን አለ። ከዚያ ሂትሲንኩ ላይ ተቀራርበው ወደተደረደሩት ስስ የብረት ቅጠሎች ይሰራጫል። ፋኑ በቅጠሎቹ መሃል አየር ይነፋል፣ የሞቀው አየር ለማሽኑ ኤሌክትሪክ በሚያቀርበው ሳጥን፣ በፓወር ሰፕላዩ በኩል አልፎ ከኋላ ይወጣል። መንገዱ ሦስት ቦታ ላይ ሊዘጋ ይችላል። አንዱ ፔስቱ ላይ ነው። ሁለተኛው የብረት ቅጠሎቹ መሃል ነው። ሦስተኛው ከማሽኑ ውጪ፣ አየር የሚገባበትና የሚወጣበት አካባቢ ነው።

ደስ የሚለው ነገር፣ ማሽኑ ሳይከፈት የትኛው እንደተዘጋ በእጅ መገመት ይቻላል። አንድ ከባድ ጨዋታ ክፈቱና ግማሽ ሰዓት ያህል ተጫወቱ። ፋኑ ሲጮኽ መዳፋችሁን ከኋላው የአየር መውጫ አጠገብ አድርጉ። ሁለት ነገር ልብ በሉ፤ አየሩ ምን ያህል በኃይል ይወጣል? ምን ያህልስ ይሞቃል?

ፋኑ እየጮኸ የሚወጣው አየር ደካማና በጣም ትኩስ ከሆነ፣ የብረት ቅጠሎቹ በአቧራ ተዘግተዋል ማለት ነው። ፋኑ እየጮኸ አየሩ በኃይል የሚወጣ ግን ለብ ያለ ብቻ ከሆነ፣ አየሩ መንገድ አለው፤ ችግሩ ሙቀቱ ከቺፑ ወደ ብረቱ በደንብ አለማለፉ ነው። ያኔ ጣት የሚቀሰረው ወደ ፔስቱ ነው።

ይህ ግምት ዝም ብሎ የመጣ አይደለም፤ በቀላል ሒሳብ ሊታይ ይችላል። 140 ዋቱ ሙቀት ሁሉ በአየሩ በኩል ይወጣል እንበል። ክፍሉ 25 ዲግሪ ነው። ፋኑ በሴኮንድ 10 ሊትር አየር ካሳለፈ አየሩ 12 ዲግሪ ያህል ይጨምራል፣ በ37 ዲግሪ ይወጣል። አቧራው መንገዱን አጥብቦ በሴኮንድ 4 ሊትር ብቻ ካለፈ ግን ያንኑ ሙቀት የሚሸከመው አየር ጥቂት ነው። ጭማሪው ወደ 29 ዲግሪ ይደርሳል፣ አየሩ በ54 ዲግሪ ይወጣል። እጅ ላይ የሚያቃጥለው ይሄ ነው። ፔስቱ የደረቀበት ማሽን ደግሞ ተቃራኒውን ያሳያል። ቺፑ ስለጋለ ፋኑ ፈጥኖ በሴኮንድ 15 ሊትር ቢያሳልፍ፣ ያው 140 ዋት በብዙ አየር ላይ ይከፋፈልና አየሩ በ33 ዲግሪ ገደማ ይወጣል። ውስጥ ቺፑ እየተቃጠለ ውጪ ላይ የሚወጣው አየር ለብ ያለ ነው። ብዙዎችን የሚያሳስተው ይሄኛው ነው፤ "አየሩ እኮ አይሞቅም" ብለው ሙቀት የለም ይላሉ።

ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተወሰዱ ናቸው፤ የእናንተ ማሽን በትክክል እነዚህን አይሰጥም። ልዩነቱ ግን ያለ ቴርሞሜትርም በእጅ ይለያል።

ካቻቪቴ ከማንሳት በፊት ሦስተኛውን ቦታ፣ ማለትም ከማሽኑ ውጪ ያለውን፣ ማጣራት ያስፈልጋል። ምንም ወጪ የለውም። ኮንሶሉ የቴሌቪዥን ቁም ሳጥን ውስጥ ከሆነ፣ ከኋላ የሚወጣው ትኩስ አየር ግድግዳው ጋ ተጋጭቶ ይመለስና በጎን በኩል እንደገና ይገባል። ማሽኑ የራሱን ትንፋሽ መልሶ ይስባል። ወደ ውስጥ የሚገባው አየር በ10 ዲግሪ ከሞቀ ቺፑም፣ ፋኑ ካልፈጠነ፣ ወደ 10 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ ኮንሶሉን አውጥታችሁ ዙሪያው ክፍት በሆነ ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ አድርጉት። ከግድግዳው ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ራቅ ይበል። ያንኑ ጨዋታ፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ክፍል ግማሽ ሰዓት ተጫወቱ። ጩኸቱ በግልጽ ከቀነሰ መክፈት አያስፈልግም፤ ጥፋቱ የቁም ሳጥኑ ነው። ምንጣፍ ላይ ማስቀመጥና ማሽኑ እየሠራ ጨርቅ ማልበስም ከዚሁ ይመደባል። አቧራ እንዳይገባ ብሎ የሚሸፍን ሰው ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ጨርቁ የሚለበሰው ግን ማሽኑ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። ከኮንሶሉ ጀርባ የሚለጠፉ ተጨማሪ ፋኖች ይሸጣሉ። ገንዘባችሁን አታውጡባቸው ባይ ነኝ። በአቧራ በተዘጉ ቅጠሎች ውስጥ ዋናው ፋን ማሳለፍ ያቃተውን አየር እነዚህ ትንንሽ ፋኖች ሊስቡት አይችሉም። በጩኸቱ ላይ ሌላ ጩኸት ይጨምራሉ እንጂ።

አሁን ወደ አቧራው እንምጣ። የጎረቤቴ ልጅ ፕሌይስቴሽን 4 በቅርቡ ያየሁት ነው። ጨዋታ ከተከፈተ ደቂቃዎች ሳይሞላ ይጮኻል። ከዚያ በፊት ጥገና ቤት ወስደውት "ተጠርጓል" ተብሎ ተመልሶ ነበር። ለጥቂት ቀናት ዝም ብሎ እንደገና ጀመረው። መዳፌን ከኋላው ሳደርግ አየሩ ትኩስ ነው፣ ግን ቀስ እያለ ነው የሚወጣው። ምልክቱ ግልጽ ነበር። ግራ ያጋባው መጠረጉ ነው።

ሲከፈት ፋኑ ከላይ ሲያዩት ንጹህ ነው ማለት ይቻላል። ክንፎቹ ላይ ስስ አቧራ ብቻ ነበር። እዚህ ላይ የሚያቆም ሰው ጠርጌ ጨረስኩ ይላል። ፓወር ሰፕላዩ ሲነሳ ግን ሌላ ነገር ታየ። ፋኑ ከሚነፋበት ጎን፣ የብረት ቅጠሎቹ አፍ ላይ፣ አቧራና ፀጉር ተጋግሮ እንደ ብርድ ልብስ ቁራጭ ከዳር እስከ ዳር ተነጥፏል። በመሃሉ ብርሃን አያሳልፍም።

ለምን እዚያ? የዚህ ማሽን ፋን አየሩን ከላይ ስቦ በጎኑ የሚወረውር ዓይነት ነው። አቧራው በሰፊው አፍ ይገባል፣ በፋኑ ውስጥ ያልፋል፣ ከዚያ መጀመሪያ የሚያጋጥመው ጠባብ ነገር የቅጠሎቹ አፍ ነው። አንድ ፀጉር እዚያ ከተሰነቀረ ሌላው አቧራ ይይዘዋል። ከላይ ለሚያይ ፋኑ ይሸፍነዋል፣ ከኋላ ለሚያይ ፓወር ሰፕላዩ ይጋርደዋል።

የመጀመሪያው ጥገናም ያልሠራው በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። ከኋላ በኩል አየር ቢነፋ ያ ንጣፍ ከቅጠሎቹ ላቀቅ ብሎ ወደ ፋኑ በኩል ይገፋል፤ ከማሽኑ ግን አይወጣም። ለጊዜው መንገድ ይከፈታል። ፋኑ ሲሠራ ደግሞ ያንኑ አቧራ መልሶ ቦታው ላይ ያነጥፈዋል። ሳይከፈት የተነፋ ማሽን ለጥቂት ቀናት ዝም ብሎ የሚመለሰው ለዚህ ነው።

ሥራው እንዲህ ይሄዳል። ዲስክ ካለ አስቀድሞ ይወጣል። ማሽኑ ይጠፋል፣ ሁሉም ኬብል ይነቀላል፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ይተዋል። የዋስትና ጊዜው ያላለፈ ማሽን ከሆነ ግን እዚሁ ላይ አቁሙ፤ መጀመሪያ የሸጠላችሁን ጠይቁ። ከኋላ ያሉት አራት ብሎኖች የተወሰኑት በተለጣፊ ወረቀት ተሸፍነዋል። ብሎኖቹ ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ ሆነው መሃላቸው ላይ ትንሽ እሾህ አላቸው። ስለዚህ ጫፉ ቀዳዳ ያለው T8 ወይም T9 ካቻቪቴ ያስፈልጋል። በሌላ ነገር ከታገላችሁ የብሎኑ ራስ ይላጣል፣ ከዚያ በኋላ ሥራው ሌላ ነው።

ማሽኑ ተገልብጦ የታችኛው ክዳን ሲነሳ ፋኑና ፓወር ሰፕላዩ ጎን ለጎን ይታያሉ። የፓወር ሰፕላዩ ብሎኖች ርዝመታቸው አንድ አይደለም። ወረቀት ላይ የሳጥኑን ቅርጽ ሥሉና እያንዳንዱን ብሎን በወጣበት ቦታ አስቀምጡት። ረጅሙ ብሎን በአጭሩ ቦታ ከገባ ቺፖቹ የተተከሉበትን ሰሌዳ ሊወጋ ይችላል። ፓወር ሰፕላዩ ከታች ከዋናው ሰሌዳ በሚነሱ የብረት ሹካዎች ላይ የተሰካ ስለሆነ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ነው የሚነሳው። ካዘመመ ሹካዎቹ ይጣመማሉ። በቀጭን ኬብልም ተያይዟል፣ በኃይል አይጎተትም። የፓወር ሰፕላዩን ሳጥን ራሱን ግን በፍጹም አትክፈቱት። ማሽኑ ከተነቀለ በኋላም ቢሆን ውስጡ አደገኛ ኤሌክትሪክ ሊቆይ ይችላል።

ንጣፉ ሲገኝ የብዙ ሰው ፈጣን ስሜት አየር መንፋት ነው። ቅደም ተከተሉ ይሄ አይደለም። መጀመሪያ በወረንጦ ጫፉን ይዞ ቀስ ብሎ መሳብ ነው። ብዙ ጊዜ በአንድ ቁራጭ ይወጣል፣ ከጎረቤቴ ልጅ ማሽንም እንደዚያ ነው የወጣው። ቀድሞ ከተነፋ ግን ይበጣጠስና በቅጠሎቹ መሃል ጠልቆ ይገባል። ከዚያ ለስላሳ ብሩሽ በቅጠሎቹ አቅጣጫ ይሳባል፣ ወደ ጎን ሳይሆን። ቅጠሎቹ ስስ ስለሆኑ ይታጠፋሉ፤ የታጠፈ ቅጠል ደግሞ ራሱ መንገድ ይዘጋል። የቀረው ዱቄት በመጨረሻ ይነፋል።

ሲነፋ ፋኑ በጣት ወይም በስቴኪኒ ይያዝ። በአየር ግፊት የሚሽከረከር ፋን ከተሠራበት ፍጥነት በላይ ሊሄድና መሽከርከሪያው ሊጎዳ ይችላል። የታሸገ አየር የሚጠቀም ሰው ጣሳውን ቀጥ አድርጎ ይያዘው፤ ከተገለበጠ የሚወጣው ፈሳሹ ነው። የቤት ቫኪዩም ክሊነር አፉ ሰሌዳው ላይ ባይደርስ ይመረጣል፤ የሚፈጥረው የማይንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ሰሌዳውን ሊጎዳ ይችላል። ሲጋራ በሚጨስበት ቤት የቆየ ማሽን ከሆነ አቧራው የሚያጣብቅ ይሆናል፣ በንፋስ ብቻ አይለቅም። ለፋኑ ክንፎች የጆሮ ማጽጃ ጥጥ በአይሶፕሮፒል አልኮል አርሶ አንድ በአንድ መጥረግ ነው ያለው መፍትሔ።

ተገጥሞ ሲያልቅ ያው ጨዋታ፣ በዚያው ቦታ፣ ለግማሽ ሰዓት ተፈተሸ። ፋኑ ይሰማል፣ ግን የወሬ ድምፅ አይሸፍንም። ከኋላ የሚወጣው አየር በኃይል ይወጣል፣ ለእጅም አይከብድም። ፔስቱን መንካት አላስፈለገም።

ይህን የምለው በዓላማ ነው። ኢንተርኔት ላይ የሚጮኽ ኮንሶል ሁሉ ፔስቱ ይቀየር ይባላል። ፔስት ለመቀየር ማሽኑ እስከ መጨረሻው ይፈታል፤ የዲስክ ማጫወቻው፣ ጠፍጣፋዎቹ ኬብሎች፣ ዋናው ሰሌዳ ሁሉ ይነሳሉ። አንድ ጠፍጣፋ ኬብል ከተቀደደ ጩኸት ለማጥፋት ተብሎ ዲስክ የማያነብ ማሽን ይገኛል። ስለዚህ ፔስቱ ጋ የሚደረሰው ቅጠሎቹ ንጹህ ሆነው፣ ማሽኑ ክፍት ቦታ ተቀምጦ፣ አየሩ በኃይል እየወጣ ጩኸቱ ካልቀነሰ ብቻ ነው።

እዚያ ከተደረሰ ሥራው ራሱ ረቂቅ አይደለም። የደረቀው ፔስት እንደ ኖራ ይፈረካከሳል። 90 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ከቺፑም ከብረቱም ላይ እስኪያብረቀርቅ ይጠረጋል። በብረት መጫር የለም። አዲሱ ፔስት ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ዓይነት ይሁን፤ የቺፑን ፊት ሙሉ በሙሉ በስሱ ይሸፍን። ብዙ ፔስት ብዙ ቅዝቃዜ አያመጣም። ፔስቱ ከአየር ይሻላል እንጂ ከብረቱ ጋር ሲወዳደር ሙቀት በማስተላለፍ ደካማ ነው፤ ሥራው ዓይን የማያያቸውን ክፍተቶች መሙላት ብቻ ነው። በሜሞሪ ቺፖቹ ላይ ያሉት ለስላሳ ፓዶች ደግሞ ሌላ ናቸው። እነሱ ወፈር ያለ ክፍተት ስለሚሞሉ በፔስት አይተኩም። ከተበጣጠሱ በተመሳሳይ ውፍረት ይቀየራሉ። ሂትሲንኩን ቺፑ ላይ የሚጫነው የኤክስ ቅርጽ ያለው ብረት ሁለት ብሎን አለው። አንዱን ጨርሶ አጥብቆ ወደ ሌላው መሄድ ቺፑን በአንድ ጎን ይጫነዋል። እየተፈራረቁ ጥቂት ጥቂት ማጥበቅ ነው።

ፕሌይስቴሽን 5 ያለው ሰው ግን ይህን የመጨረሻ ክፍል እንዳይሞክረው። በ2020 የወጣው ይህ ማሽን በፔስት ፋንታ ፈሳሽ ብረት ነው የሚጠቀመው። ፈሳሽ ብረት ሙቀት በማስተላለፍ ከፔስት በእጅጉ ይበልጣል፤ ኤሌክትሪክም ያስተላልፋል። ሂትሲንኩ ሲነሳ አንዲት ጠብታ ሰሌዳው ላይ ብትንከባለል ማሽኑን በአንዴ ልታቃጥለው ትችላለች። ጥሩው ነገር፣ አምራቹ ለአቧራ ሌላ መላ አበጅቶለታል። በመጀመሪያው ሞዴል ሁለቱ ነጭ የጎን ሽፋኖች ያለ ካቻቪቴ ይነሳሉ። ከሥራቸው ትልቁ ፋንና አቧራ እንዲጠራቀምባቸው የተሠሩ ሁለት ቀዳዳዎች ይታያሉ። ቀዳዳዎቹ በቫኪዩም ክሊነር እንዲሳቡ ተብለው የተሠሩ ናቸው። ፋኑን በጣት ይዞ ዙሪያውን በብሩሽ ማጽዳትና ቀዳዳዎቹን መሳብ፣ ከዚያ ማቆም ነው። በዚህ ሁሉ ካልተሻለው ፈሳሽ ብረት ላይ የሠራ ባለሙያ ይየው።

አንድ ዓይነት ጩኸት ብቻ ከዚህ ሁሉ ውጪ ነው። የሙቀት ጩኸት እንደ ንፋስ የሚጮኽ፣ ከጨዋታው ክብደት ጋር ከፍና ዝቅ የሚል ድምፅ ነው። ካርታ ወይም ሜኑ ሲከፈት ድንገት ቢጨምር እንኳ አያስደንቅም፤ አንዳንድ ጨዋታዎች እዚያ ላይ የምስል ፍጥነታቸውን ስለማይገድቡ ቺፑ ያለ ልክ ይሠራል። ማሽኑ ገና በርዶ ሳለ፣ ልክ እንደተከፈተ የሚንኳኳ፣ የሚንገጫገጭ ወይም የሚያፋጭ ድምፅ ከመጣ ግን ያ ሙቀት አይደለም። ወይ የላላ ኬብል ክንፉን እየነካ ነው፣ ወይ የፋኑ መሽከርከሪያ አልቋል። ማሽኑ ጠፍቶና ተነቅሎ ፋኑን በጣት ስታዞሩት ካልተፍታታ ወይም ወደ ጎን ከተወዛወዘ፣ ያኔ ፋን መግዛት ተገቢ ነው።